የአያት ፎቶ ቀለም ሲገባበት

አንድ ቀይ ጥለትና አንድ አረንጓዴ ጥለት ጎን ለጎን ሆነው በጥቁርና ነጭ ፊልም ቢነሱ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ፊልሙ የመዘገበው ከልብሱ ተንጸባርቆ የመጣውን የብርሃን መጠን እንጂ ቀለሙን አይደለም። ስለዚህ የሴት አያቱን የድሮ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ቀለም ሊቀባ የተነሳ ሰው፣ ቀለሙን ፎቶው ውስጥ ቢፈልግ አያገኘውም። ቀለሙ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ከቀረ ልብስ፣ አያቲቱን በዓይኑ ካየ ዘመድ፣ ሁለቱም ከጠፉ ደግሞ በዘመኑና በአካባቢው ይለበስ ከነበረው።

አንድ የተለመደ ፎቶ እንውሰድ። በ1940ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ፎቶ ቤት ገብተው የተነሱት ነው እንበል። አያቲቱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው ነጠላ አጣፍተዋል፤ አንገታቸው ላይ ማተብና የብር መስቀል አለ። ወረቀቱ በዕድሜ ብዛት ወደ ቡናማ አድልቷል።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ፎቶው በ600 dpi ስካን ተደርጎ በTIFF ይቀመጣል፤ ሥራውም የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው። የወረቀቱ ቡናማነት በ`Desaturate` ይወገዳል፤ አለዚያ ከምንጨምረው ቀለም ሁሉ ጋር እየተቀላቀለ ያበላሸዋል። ብዙ ጀማሪዎችን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ፤ የፈለጉትን ቀለም ቢቀቡ ግራጫ ሆኖ የሚቀረው ፋይሉ `Grayscale` ስለሆነ ነው። ወደ `RGB` ሲቀየር ይስተካከላል።

ቀለሙ በፎቶው ላይ በቀጥታ አይቀባም። ከላይ ባዶ ሌየር ይከፈትና ስልቱ በፎቶሾፕ `Color`፣ በጊምፕ ደግሞ `HSL Color` ይደረጋል። በዚህ ስልት የቀለሙ ዓይነትና ድምቀት ከእኛ ሲመጣ፣ ጨለማውና ብርሃኑ ግን ከፎቶው እንዳለ ይቀራል። አያቴ ጠይም ነበሩ ብሎ ጠቆር ያለ ቡናማ የሚመርጥ ሰው ፊታቸው ሳይጠቁር ሲቀር ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው። መጥቆርና መንጣት የሚስተካከለው ከሥር ባለው ግራጫ ፎቶ ላይ፣ በ`Curves` ነው።

እንግዲህ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፤ ፎቶው ላይ የሚታየው የፊት ጥቁረት ወይም ንጣት እውነተኛ ነው? አብዛኛውን ጊዜ አይደለም፤ ምክንያቱም ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጎትቱት ኖረዋል። አንደኛው ፊልሙ ነው። ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው የቆየ ፊልም ቀይ ብርሃን አያይም። ቡናማ ቆዳ ከሌላው ይልቅ ቀይ ብርሃንን ስለሚያንጸባርቅ፣ በዚህ ፊልም የተነሳ ሰው ከመልኩ ጠቁሮ ይወጣል። ሁለተኛው የፎቶ ቤቱ ሠራተኛ ነው። ኔጋቲቩን በሹል እርሳስ እየነካካ መስመሩንና ጥላውን ይሞላው ነበር፤ ኔጋቲቩ ላይ የጠቆረው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ይነጣል። ሽበት ሳይቀር ያለ አንድ መጨማደድ የሚታዩ አሮጊቶች በየአልበሙ የሞሉት ከዚህ የተነሳ ነው።

መፍትሔው እጃቸውን ማየት ነው። ሪታች የሚደረገው ፊት ነበር፤ እጅ ብዙ ጊዜ አይነካም። ፊትና እጅ በእኩል ብርሃን ላይ ሆነው ፊቱ ጎልቶ ከነጣ፣ የሰው እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። ፊልሙን ለመለየት ደግሞ ከንፈርን ይመልከቱ። ቀለም ያልተቀባ የአሮጊት ከንፈር ጥቁር ሊሆን ትንሽ ከቀረው፣ ፊልሙ ቀይ የማያየው ዓይነት መሆኑን መጠርጠር ነው። ከዚያ በኋላ የሚያውቁ ዘመዶችን መጠየቅ ይቀጥላል። «ምን ይመስሉ ነበር?» ከሚለው ይልቅ «ከእናቴ ይቀላሉ ወይስ ይጠቁራሉ?» የሚለው ጥያቄ የተሻለ መልስ ያመጣል። ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ቀይ የሚሉት ከሰው ሰው ይለያያሉ፤ በሕይወት ያለ ሰው ቆዳ ግን በቀን ብርሃን ፎቶ ሊነሳና ቀለሙ ሊቀዳ ይችላል። ልጃቸው ወይም የእህታቸው ልጅ በመልክ ትመስላቸዋለች ከተባለ፣ ከእሷ የተሻለ መነሻ የለም።

ለጠይም ፊት `#8D5A3C` ጥሩ መነሻ ነው። ነገር ግን ይህ ብቻ ፊቱ ላይ ሁሉ ከተቀባ፣ ሰው ሳይሆን የሸክላ ዕቃ ይመስላል። ሕያው ቆዳ ከቦታ ቦታ ይለያያል፦ ጉንጭ፣ አፍንጫ ጫፍና ጆሮ ደም ስለሚበዛባቸው ወደ ቀይ ያደላሉ፤ ግንባር ወደ ቢጫ ያደላል። ብርሃን የሚያብረቀርቅበት ቦታ የቆዳውን ቀለም አያሳይም፤ የመስኮቱን ወይም የመብራቱን ቀለም ነው የሚመልሰው። ስለዚህ እዚያ ቀለሙ መሳሳት አለበት። በአንጻሩ የአንገት ሥር ጥላ ሞቅ ያለ ቀይ ቡናማ እንጂ ግራጫ አይሆንም። እነዚህ ለውጦች ጠርዙ ለስላሳ በሆነ ብሩሽ፣ ድፍረቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሆኖ፣ ደጋግሞ በማለፍ ይሠራሉ። የዓይን ነጭም ነጭ አይደለም፤ የቢጫ ጭላንጭል ይፈልጋል። አንገታቸው ላይ ንቅሳት እንደነበረ ከተነገረና ፎቶው ላይ እምብዛም ካልታየ አይገርምም፤ ያው ፊልም ሰማያዊን አንጥቶ ስለሚያወጣ ሰማያዊ አረንጓዴው ንቅሳት ይደበዝዛል።

ልብሱ ላይ ትልቁ ፈተና ነጩ ነው። ነጠላውን ሳይነኩ ከተዉት ቀለም ያልደረሰው ግራጫ ሆኖ ይቀርና ሥዕሉን ለሁለት ይከፍለዋል። የእጅ ፈትል ጥጥ ትንሽ ወደ ክሬም ያደላል፤ እጥፋቱ ውስጥ ያለው ጥላ ደግሞ በመስኮት ብርሃን ከሆነ የሰማያዊ ጭላንጭል ይይዛል፤ ጉልበት ላይ ከእጅ አጠገብ ያለው ክፍል የቆዳውን ሙቀት ይቀበላል። ይህ ሁሉ በጣም ስስ መሆን አለበት፤ ከታወቀ በዝቷል።

ጥለቱ ላይ ግን ግምት አደገኛ ነው። ፊልሙ ኦርቶክሮማቲክ ከሆነ ጥቁር የሚመስለው መስመር ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ቢጫውም ከጠበቅነው ይልቅ ይጠቁራል። በኋላ በተለመደው ፓንክሮማቲክ ፊልም ግን ቢጫው ከሁሉ ይፈካል። ቀሚሱ ወይም ከእሱ ጋር የተሠራ ነጠላ ቤት ውስጥ ከተገኘ ክርክሩ ያበቃል፤ የጥለቱን የውስጥ ገጽ ይመልከቱ፣ ፀሐይ ያልነካው ክር የመጀመሪያ ቀለሙን ይዞ ይቆያልና። ካልተገኘ ደማቅ ቀለም ከመምረጥ ደብዘዝ ያለውን መምረጥ ይሻላል። የብር መስቀሉ ምንም ቀለም አይፈልግም ማለት ይቻላል፤ ከነጠላው ትንሽ ነጸብራቅ ይበቃዋል።

በአንድ ጠቅታ ቀለም የሚጨምሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለፈጣን ረቂቅ አይከፉም። ነገር ግን ከተማሩባቸው ብዙ ፎቶዎች አማካዩን ስለሚገምቱ፣ ጠይሙን ፊት ወደ ብርቱካናማ ይወስዱታል፤ ጥለቱንም ግራጫ አድርገው ያልፉታል። የእናትዎን እህት ምስክርነት ደግሞ አያውቁም።

ሥራው ሲያልቅ ያልተነካውን ስካን ከአዲሱ ጋር አብረው ያስቀምጡ፤ በአዲሱ ፋይል ስም ላይም «ቀለም የተጨመረበት» ብለው ይጻፉ። ከጎኑ በአጭር ማስታወሻ የትኛው ቀለም በማን ምስክርነት እንደተገኘ፣ የትኛው ግምት እንደሆነ ይመዝግቡ። ፎቶው ተባዝቶ ለዘመድ ከተላከ በኋላ ቀዩን ጥለት እርስዎ የመረጡት መሆኑን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም።