በጫጫታ ውስጥ የተሰወረን የታወቀ ምት ስለሚለየው ተዛማጅ ማጣሪያ

አንድ የራዳር ጣቢያ ወደ ሰማይ የሚልከው የሬዲዮ ምት ከአውሮፕላን ተንጸባርቆ የሚመለሰው እጅግ ደክሞ ነው። በተቀባዩ መሣሪያ ውስጥ በሙቀት ምክንያት ከሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ጫጫታ ጋር ስለሚደባለቅም ምቱን በዓይን ለይቶ ማወቅ ብዙ ጊዜ አይቻልም። ሆኖም ጣቢያው አንድ ብልጫ አለው፤ ይኸውም የላከውን ምት ቅርጽ አስቀድሞ ማወቁ ነው። ይህን ዕውቀት በሙሉ ሥራ ላይ የሚያውለው ማጣሪያ የትኛው እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1943 ዲ. ኦ. ኖርዝ በአሜሪካው አር.ሲ.ኤ. ኩባንያ ውስጥ ባቀረቡት ሪፖርት አሳዩ። «ተዛማጅ ማጣሪያ» የሚለው ስያሜ ግን እ.ኤ.አ. በ1946 ከወጣው የቫን ቭሌክና የሚድልተን ጽሑፍ የተገኘ ነው።

የዚህ ማጣሪያ ተግባር የምቱን ቅርጽ ጠብቆ ማውጣት አይደለም። እንዲያውም ቅርጹን ያጠፋዋል። የሚፈለገው በአንዲት ቅጽበት የምቱ ውጤት ከጫጫታው በተቻለ መጠን ልቆ እንዲታይ ብቻ ነው።

ነገሩን ለመረዳት 3 እና 1 በሚሉ ሁለት እሴቶች ብቻ የተሠራን ምት እንመልከት። በእያንዳንዱ እሴት ላይ የሚጨመረው ጫጫታ ከሌላው ጋር ያልተያያዘና አማካይ ኃይሉ 1 ይሁን። ሁለቱን እሴቶች እንዲሁ ብንደምር ምቱ 4፣ የጫጫታው ኃይል 2 ይሆናል፤ የምቱ ካሬ ለጫጫታው ኃይል ሲካፈል 8 ይገኛል። ደካማውን እሴት ትተን ትልቁን ብቻ ብንወስድ ውጤቱ 9 ነው። እያንዳንዱን እሴት በራሱ መጠን አባዝተን ብንደምር ግን ምቱ 9+1=10፣ የጫጫታውም ኃይል 10 ይሆንና ጥምርታው 100÷10=10 ይደርሳል። ከዚህ የሚበልጥ ማባዣ አይገኝም። ይህ 10 የምቱ እሴቶች ካሬ ድምር፣ ማለትም የምቱ ኤነርጂ E ነው።

ማጣሪያው ይህን ብዜት እንዲፈጽም ለአንዲት ቅጽበታዊ ግፊት የሚሰጠው ምላሽ የምቱ ግልባጭ መሆን አለበት። ምቱ ተሟልቶ በሚገባበት ቅጽበት ቀድሞ የገባው የምቱ መነሻ በማጣሪያው ውስጥ ረጅሙን ጊዜ የቆየው ነውና፣ የሚያገኘው የምላሹን የመጨረሻ ክፍል ነው። ስለዚህ የምቱ ርዝመት T ከሆነ ምላሹ

h(t) = s(T − t)

ይሆናል፤ የውጤቱም ጫፍ በ T ጊዜ ላይ ልክ E ነው።

ባርከር እ.ኤ.አ. በ1953 ካቀረቧቸው ምቶች አንዱ 1, 1, 1, −1, 1 ነው። የማጣሪያው ምላሽ 1, −1, 1, 1, 1 ሲሆን ምቱ ያለ ጫጫታ ሲያልፍበት 1, 0, 1, 0, 5, 0, 1, 0, 1 ይወጣል። አሁን ጫጫታ ተጨምሮበት 1.6, −0.4, 1.9, 0.2, 1.3 ሆኖ ደረሰ እንበል። ሁለተኛውና አራተኛው እሴት ምልክታቸው እንኳ ተገልብጧል። ጫፉ ግን 1.6 − 0.4 + 1.9 − 0.2 + 1.3 = 4.2 ሲሆን ከ5 ብዙ አልራቀም። የጫጫታው ኃይል በእያንዳንዱ እሴት 1 ከሆነ ከማጣሪያው ሲወጣ 5 ስለሚሆን፣ ጫጫታው ብቻውን በ2.2 ገደማ ይዋዥቃል። ስለዚህ 4.2 ጥሩ ምልክት ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ማጣሪያው የሚሰጠው ከሁሉ የተሻለውን ጥምርታ እንጂ እርግጠኝነትን አይደለም። የተሻለ ለማግኘት የምቱን ኤነርጂ ማሳደግ ያስፈልጋል።

ተማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱት መገልበጡን በመርሳት ነው። ከላይ ያለው ምት ሳይገለበጥ እንደ ምላሽ ቢወሰድ ውጤቱ 1, 2, 3, 0, 1, 0, 3, −2, 1 ይሆናል። ጫፉ 3 ብቻ ሲሆን፣ በሁለት ቦታ በመታየቱም ምቱ የደረሰበትን ጊዜ ያሳስታል። መምህሩ ለምሳሌ አራት ማዕዘን ምትን ብቻ ካቀረበ ይህ ስሕተት ጨርሶ አይገለጥም፤ እንዲህ ያለው ምት ቢገለበጥም ያው ነውና።

የማጣሪያው ብልጫ የተመሠረተው የሚመለሰው ምት ከተላከው ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ ላይ ነው። በ300 ሜትር በሴኮንድ ፍጥነት ወደ ጣቢያው የሚመጣ አውሮፕላን የ10 ሴንቲ ሜትር ሞገድን ድግግሞሽ በሴኮንድ 6,000 ዑደት ያሳድገዋል። ምቱ የሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ከቆየ ለውጡ አይታወቅም። 167 ሚሊዮንኛ ያህል ከቆየ ግን በውስጡ የአንድ ሙሉ ዑደት ልዩነት ይፈጠራል፤ ግማሹ ክፍል ሌላውን ግማሽ ስለሚያጠፋውም ጫፉ ሊታይ በሚገባው ቅጽበት ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ረጅም ምት የሚጠቀሙ ራዳሮች ለተለያዩ ፍጥነቶች የተዘጋጁ ብዙ ማጣሪያዎችን ጎን ለጎን ያሠራሉ።