ናይትሮጅኑ ሲለቅ

ቶሉዊን ላይ በቀጥታ ክሎሪን የጨመረ ኬሚስት አንድ ዓይነት ውጤት አያገኝም። ክሎሪኑ በቀለበቱ ላይ ከሜቲሉ አጠገብም ትይዩም ስለሚቀመጥ ሁለት ክሎሮቶሉዊኖች ተቀላቅለው ይወጣሉ። አንደኛው በ159፣ ሌላው በ162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላሉና በማጣራት መለየቱ ፈተና ነው።

መውጫው ከሌላ በር መግባት ነው። ፓራ-ቶሉዊዲን የሚባለው አሚን ክሎሪኑ በሚፈለግበት ቦታ ላይ -NH2 አለው፤ ቀሪው ሥራ ይህን አውጥቶ በምትኩ ክሎሪን ማስገባት ነው።

ይህን መንገድ የከፈተው ትራውጎት ሳንድማየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በዙሪክ፣ በቪክቶር ማየር ቤተ ሙከራ የዳያዞኒየም ጨውን ከመዳብ አሴቲላይድ ጋር ሲያዋህድ የጠበቀው ፌኒልአሴቲሊንን ነበር። ያገኘው ግን ክሎሮቤንዚን ሆነ። ነገሩን ሲከታተለው ሥራውን የሠራው እዚያው የተፈጠረው የመዳብ ክሎራይድ (CuCl) መሆኑን ደረሰበት። ያልታሰበውን ውጤት አልጣለውም፤ ብሮሚንና ሳያናይድም በዚሁ መንገድ እንደሚገቡ አሳየ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፓራ-ቶሉዊዲን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሟሟና በበረዶ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዘቅዛል። ከዚያ የሶዲየም ናይትራይት ውሁድ ጠብ ጠብ እየተደረገ ይጨመራል። መብቃቱን የሚናገረው ስታርችና ፖታሲየም አዮዳይድ የተነከረ ወረቀት ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ጠብታው ወዲያው ሰማያዊ ካደረገው አሚኑ አልቋል። በቀዝቃዛው የተዘጋጀው የዳያዞኒየም ጨው ወደ መዳብ ክሎራይድ ሲገለበጥ ድብልቁ ይወፍራል። ቀስ በቀስ እስከ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ናይትሮጅን እንደሚፈላ ጠላ አረፋ እየሠራ ይወጣል፣ ዘይት መሰሉ ፓራ-ክሎሮቶሉዊንም ይለያል።

ቅዝቃዜው ከጠፋ ችግሩ በዓይን ይታያል። አረፋው ያለጊዜው ይጀምራል፤ ውሃው በክሎሪኑ ቦታ ገብቶ ክሬሶል ይሠራል፤ ክሬሶሉ ደግሞ ካልተነካው ዳያዞኒየም ጋር ተጣምሮ ፈሳሹን በቀለም ያበላሻል።

የሚፈለገው ፌኖል ሲሆን ግን ይኸው ጥፋት ዘዴ ይሆናል። ጨው የያዘው ፈሳሽ በጥቂት በጥቂቱ በሚፈላ ቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ላይ ይጨመራል፤ ዳያዞኒየሙ ፌኖሉን አግኝቶ ቀለም ሳይሠራ ወዲያው እንዲፈርስ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እዚህ አይመረጥም፤ ክሎራይዱ ከውሃው ጋር ይሻማል።

ለአዮዲን መዳብ እንኳ አያስፈልግም፤ ፖታሲየም አዮዳይድ ብቻውን ይበቃል። ሳያናይድ ግን ጥብቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አሲዱ አስቀድሞ በሶዲየም ካርቦኔት ካልተመጣጠነ ገዳዩ የሃይድሮጅን ሳያናይድ ጋዝ ይወጣል።

ብዙዎቹ የዳያዞኒየም ክሎራይዶች ሲደርቁ በትንሽ ምት ወይም ሙቀት ይፈነዳሉ። ስለዚህ ጨው አይደርቅም፣ አይከማችም፤ በፈሳሹ ውስጥ እንደቀዘቀዘ ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል።