ጡት ካልጎረሰ ወይም ካልታዘለ አልተኛ ላለ ልጅ

ሐይቅ ከተማም ይኑሩ አምባሰል፣ ልጅ ማስተኛትን የሚያስተምርዎ አያስፈልግም። ሕፃኑ በአንቀልባ ይታዘላል፣ እሹሩሩ ይባላል፤ ካልሆነም ጡት ይሰጠዋል። ወዲያው ይተኛል። ችግሩ የሚመጣው ሌሊት ነው።

የሕፃን እንቅልፍ በየአንድ ሰዓቱ ገደማ ይሳሳል። ሕፃኑ በዚህን ጊዜ ለአፍታ ቢነቃም፣ ሲያንቀላፋ የነበረውን ሁኔታ ካገኘ መልሶ ይተኛል። ጀርባዎ ላይ ተኝቶ አልጋ ላይ ከነቃ ግን የጎደለውን በለቅሶ ይጠይቃል። ርሃብ መሆን አለመሆኑን ከአጠባቡ ይለያሉ፦ የራበው ልጅ ለብዙ ደቂቃ እየዋጠ ይጠባል፤ እንቅልፍ የፈለገው ሁለት ሦስቴ ስቦ ያንቀላፋል።

የዘጠኝ ወር ልጅ እንውሰድ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ጡት እንደጎረሰ ይተኛል፤ ከዚያ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሰዓት ላይ ይነቃል። ለውጡ የሚጀመረው ከሌሊቱ ሳይሆን ከማታው ነው። ጡቱን 20 ደቂቃ ያህል ቀደም አድርገው፣ መብራት ሳይጠፋ ይስጡት። ከዚያ ልብሱን ይቀይሩለትና አቅፈው እሹሩሩ እያሉ ያስተኙት። በመጀመሪያዎቹ አራት ሌሊቶች የሚለወጠው ይኸው ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዓይኑ ሲከብድ ማወዛወዙን ያቁሙ፤ ዜማው ግን ይቀጥል። ይህን ሲለምድ ሙሉ በሙሉ ሳይተኛ በጀርባው አልጋ ላይ ያስተኙት፣ እጅዎንም ደረቱ ላይ ያሳርፉ። አምርሮ ካለቀሰ አንስተው ያረጋጉትና መልሰው ያስተኙት። ከሦስት አራት ሌሊት በኋላ እጅዎን አንስተው አጠገቡ ይቀመጡ። ሌሊት ሲነቃም በቅድሚያ እጅና ዜማ ይሞክሩ፤ በደንብ የሚጠባበትን አንዱን ሰዓት ግን አይንኩበት። ሁሉም ነገር ሦስት፣ አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አያት አዝለው ካስተኙት ማታ እንቅልፍ አይኖረውም። ስለዚህ እማማን አስቀድመው ያማክሯቸው፤ አንቀልባው ለጠዋቱ እንቅልፍ ይዋል። ሁለተኛው፣ ግማሽ ሰዓት አልቅሶ በመጨረሻ ጡት ከተሰጠው የሚማረው ረጅም ማልቀስን ነው። ደረጃው ከከበደው ወደቀደመው ይመለሱ እንጂ በለቅሶ መሐል አይለውጡት።

ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሌሊት መጥባት ስለሚያስፈልገው ይህ አይመለከተውም። ክብደቱ አልጨምር ያለ፣ ትኩሳት ያለው ወይም ሲተኛ የሚያንኮራፋ ልጅ አስቀድሞ በጤና ባለሙያ ይታይ። ጡት ማጥባቱም አይቋረጥም፤ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። ሌሊት መነሳቱ ቤተሰቡን ካላደከመም የግድ መለወጥ የለበትም።

ዘዴው መሥራቱን የሚያውቁት ልጁ መንቃቱን ስላቆመ አይደለም። ሌሊት ሲገላበጥ ይሰሙታል፤ ትንሽ ያጉረመርማል፤ ከዚያም ማንንም ሳይጠራ መልሶ ይተኛል።