የአልቡሚን ወጥመድ፦ የሥነ ምግብ ተማሪ በቃል ፈተና ላይ

የሥነ ምግብ ተማሪ ለቃል ፈተና ሲቀርብ ስለ አንድ ሕመምተኛ መምህራኑ ፊት ቆሞ ያስረዳል። ስለ በሽታው ያነበበውን ሁሉ ቢዘረዝር ብዙም አይጠቅመው። ሕመምተኛው ለምን እንደከሳ፣ ይህን በምን እንዳወቀና ነገ ጠዋት ምን እንደሚመግበው አያይዞ መናገር አለበት።

ክሮንስ የያዘውን የ28 ዓመት ወጣት በምሳሌነት እንውሰድ። ክሮንስ የሰውነት መከላከያ አንጀትን እያስቆጣ የሚያቆስልበት፣ ተሻለ ሲባል የሚያገረሽ የአንጀት ብግነት ነው። ጥሩ ተማሪ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦

«ታካሚዬ ቁመቱ 1 ሜትር ከ72 ነው። ከ4 ወር በፊት 60 ኪሎ ነበር፤ ዛሬ 52 ነው። በበላ ቁጥር ሆዱን ስለሚቆርጠው የሚበላው ከበፊቱ ግማሽ አይሞላም። የትከሻውና የጭኑ ጡንቻ ሟሟል።»

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ ቀጥሎ ነው። የደም ምርመራው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ዝቅ ማለቱን ሲያሳይ «ስለዚህ ምግብ አንሶታል» ይላሉ። ነገር ግን ብግነት ሲበረታ ጉበት አልቡሚን መሥራቱን ይቀንሳል፤ ያለውም ከደም ሥር ወደ ውጭ ያፈስሳል። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ በሽታው ብርታት ነው። የምግብ እጥረቱን የሚያስረዱት በ4 ወር የጠፋው 13 በመቶ ክብደት፣ የሟሟው ጡንቻና የቀነሰው ምግብ ናቸው። ከ6 ወር ባነሰ ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ ክብደት ማጣት ደግሞ እጥረቱን ከባድ ያሰኘዋል።

ከዚያ ፈታኙ «በስንት ካሎሪ ትጀምራለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁ ከስቷልና ቶሎ ይብላ ማለት ያጓጓል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ ጥቂት ሲበላ የቆየ ሰው ድንገት ብዙ ሲመገብ ኢንሱሊን ይጨምርና በደሙ ያለውን ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ወደ ሴሎች ያስገባቸዋል። በደም ውስጥ ሲጎድሉ ልብ ምቱ ሊዛባ፣ የመተንፈሻ ጡንቻም ሊዝል ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው፦ «አስቀድሜ ታያሚን እንዲሰጠው አደርጋለሁ። በኪሎ 10 ካሎሪ፣ ማለትም በቀን 520 ገደማ እጀምራለሁ። ማዕድናቱ በየቀኑ እየተለኩ፣ የጎደለው እየተተካ፣ በ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ በኪሎ ወደ 30 አደርሰዋለሁ። ፕሮቲኑን በቀን ከ62 እስከ 78 ግራም አደርገዋለሁ።» የቆሰለው የትንሹ አንጀት መጨረሻ ከሆነ ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጠው እዚያ ስለሆነ መጠኑ እንዲመረመር ይጠይቃል።

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ቆሎና ጎመን ይብላ?» የሚል ነው። አንጀቱ ጠቦ ከሆነ ቆሎ፣ የጎመን አገዳና የፍራፍሬ ልጣጭ መተላለፊያውን ሊዘጉ ስለሚችሉ ይቀራሉ። ካልጠበበ ግን ያለ ምክንያት መከልከል የከሳውን ልጅ ይበልጥ ያከሳዋል። ለፈተና የምትዘጋጁ ተማሪዎች፣ የአንጀቱን የምስል ምርመራ ውጤት ሳታነቡ የምግብ ክልከላ አትጻፉ።