ስምንት ሰው የሞላው መጠይቅ

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ሪፖርት በቀይ ቀለም የተጻፈ አንድ መስመር አለው። «ከእኔ የሚጠበቀውን በግልጽ አውቃለሁ» ለሚለው ጥያቄ 4 ወይም 5 ብለው የመለሱት ሠራተኞች አምና 62.5 በመቶ ነበሩ፤ ዘንድሮ 50 በመቶ ናቸው። የመጋዘኑ ኃላፊ መስመሩን አይቶ ደነገጠ። አሥራ ሁለት ነጥብ ተኩል መውረድ ቀላል ነገር አይመስልም።

ክፍሉ ዘጠኝ ሠራተኞች ያሉት፣ ቃሊቲ አካባቢ መድኃኒት አሽጎ ለየፋርማሲው የሚልክ የአንድ አከፋፋይ ድርጅት መጋዘን ነው እንበል። ለማሳያ የቀረበ ምሳሌ ቢሆንም እንዲህ ያለ ሪፖርት የደረሰው የክፍል ኃላፊ ጥቂት አይደለም። ከዘጠኙ መጠይቁን የሞሉት ስምንት ናቸው። ስምንት ሰው ማለት ደግሞ እያንዳንዱ ሰው 12.5 በመቶ ነው። ስለዚህ አምና አምስት ሰው፣ ዘንድሮ አራት ሰው። ያ ሁሉ ቀይ ቀለም የአንድ ሰው መልስ ነው። በዓመቱ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ለቀው ሁለት አዲስ መግባታቸው ሲታሰብ፣ የአምናውና የዘንድሮው መልስ የተሰጠው በተመሳሳይ ሰዎች እንኳ አይደለም። ሺህ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት አሥራ ሁለት ነጥብ ሲወርድ በእርግጥም የሆነ ነገር ተፈጥሯል። እዚህ ግን አንድ ሰው ጠዋት ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ መጥቶ ሊሆን ይችላል።

ሠራተኛው ከሥራው ጋር ያለውን ቁርኝት መለካት የተጀመረው ለትልልቅ ድርጅቶች ነው። አሜሪካዊው ዊሊያም ካን በ1990 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ራሱን ለሥራው የሚሰጠው ሥራው ትርጉም ሲኖረው፣ ያለ ፍርሃት መናገር ሲችልና አቅም ሲኖረው መሆኑን አሳየ። ከዚያ በኋላ የጋሎፕን አሥራ ሁለት ጥያቄዎች የመሰሉ መጠይቆች በየአገሩ ተሰራጩ። ብዙዎቹ መጠይቅ አዘጋጆች ከአምስት ሰው በታች የሆነን ቡድን ውጤት ለብቻው አያወጡም፤ ማን ምን እንዳለ ስለሚታወቅ ነው። ስምንት ሰው ከዚያ ወሰን ብዙም አይርቅም። ኃላፊው ውጤቱን በጾታ ወይም በአገልግሎት ዘመን ልክፈለው ካለ፣ በክፍሉ ያሉት ሁለቱ ሴቶች ስማቸውን የጻፉ ያህል ነው። የጽሑፍ አስተያየቱንም ቃል በቃል ጮክ ብሎ ማንበብ አይገባም። «እኔ እኮ ደጋግሜ ተናግሬያለሁ» የሚል ሰው ማን እንደሆነ ክፍሉ በአነጋገሩ ያውቀዋል።

ታዲያ ከስምንት ወረቀት ምን ይነበባል? ከአማካዩ ይልቅ መልሶቹ እንዴት እንደተበተኑ። ከእኔ የሚጠበቀውን አውቃለሁ ለሚለው ጥያቄ የተሰጡት መልሶች 5፣ 5፣ 4፣ 4፣ 2፣ 2፣ 2 እና 1 ነበሩ። ለሠራሁት መልካም ሥራ ምስጋና አገኛለሁ ለሚለው ደግሞ ሰባቱ 3 ሲሉ አንዱ 4 አለ። የሁለቱም ድምር 25፣ የሁለቱም አማካይ 3.1 ነው። በሪፖርቱ ላይ ጎን ለጎን እኩል ተቀምጠዋል፤ የሚናገሩት ግን ለየቅል ነው። በምስጋናው ጉዳይ ክፍሉ በሙሉ ለብ ያለ ስሜት አለው። በመጀመሪያው ግን ክፍሉ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ሥራውን አጥርቶ ሲያውቅ ግማሹ ግራ ገብቶታል። እንዲህ ሁለት ቦታ የተከፈለ መልስ ብዙ ጊዜ ከሰው ጠባይ ይልቅ ከሥራው አደረጃጀት ይመጣል።

ቀሪዎቹ ሁለት ጥያቄዎችም ዝቅ ያሉ ናቸው። ደመወዙ 2.0። የሥራ ጊዜዬና ዕረፍቴ አስቀድሞ ይታወቃል የሚለው 2.4፤ አምስት ሰው 2፣ ሦስት ሰው 3 ብሏል።

ቁጥሩ የት መጠየቅ እንዳለበት ይጠቁማል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ምክንያቱን የሚያውቁት ሠራተኞቹ ናቸው፤ «ለምን 2 ሰጣችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን አያዋጣም። አለቃ ፊት ይሉኝታ አለ፤ መልሱ ዝምታ ወይም «ምንም አይደል ጋሼ» ነው። የሚያዋጣው ጥያቄ ስለ ሥራው ነው፤ ባለፈው ወር ምን እንደሚጠበቅባችሁ ያልገባችሁ አንድ ቀን የቱ ነበር? ሁሉም በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ አንድ የሌላ ክፍል ሰው ወረቀቶቹን አቀላቅሎ ቢያነብ ይቀላል።

በምሳሌያችን ወረቀቶቹ አንድ ነገር ደጋገሙ። የማግስቱ ጭነት ዝርዝር ከሰዓት በኋላ ይወጣል፤ ሽያጭ ክፍል ደግሞ 11 ሰዓት ላይ እየደወለ ይለውጠዋል፤ አንዳንዴ ለአሻጊው፣ አንዳንዴ ለሹፌሩ። የታሸገው ካርቶን እንደገና ይፈታል። ቢሮ የሚቀመጡት ይህ አይነካቸውም፤ የሚያሽጉት ናቸው ግራ የሚጋቡት።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር ብቻ ይመረጣል። ዘጠኝ ሰው ዕለታዊ ሥራውን እየሠራ ከሁለት በላይ ለውጥ አይሸከምም፤ አምስት ነጥብ ያለው የድርጊት መርሐ ግብር በሁለተኛው ወር ተረስቶ ፋይል ውስጥ ይቀራል። ሚዛኑም ዝቅተኛውን ቁጥር ማሳደድ መሆን የለበትም። ደመወዝ ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን የመጋዘን ኃላፊ ደመወዝ አይወስንም። ሊያደርግ የሚችለው ጉዳዩን በጽሑፍ ለዋናው መሥሪያ ቤት ማቅረብና መልሱ መቼ እንደሚጠበቅ ለሠራተኞቹ በግልጽ መናገር ነው። ብዙ ኃላፊ የሚቀናው የምሳ ግብዣም እዚህ ቦታ የለውም፤ ይበላል፣ ይመሰገናል፣ ማግስቱ 11 ሰዓት ላይ ስልኩ ይደወላል።

የመጀመሪያው እርምጃ እንዲህ ሆነ። የማግስቱ ዝርዝር 9 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ አስቸኳይ ለውጥ በመጋዘን ኃላፊው ብቻ አልፎ በመዝገብ ይጻፋል። የሽያጭ ኃላፊው ይህን ሳይስማማ ለሠራተኞቹ ማወጅ ግን ከንቱ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ደንበኛ ሲቆጣበት ደንቡ ይፈርሳል። ስለዚህ ውይይቱ የሚጀመረው ከእሱ ጋር ነው፤ እንደ ኢንሱሊን ያለ የማይዘገይ መድኃኒት ከደንቡ ውጭ እንደሚሆንም አብረው ይወስናሉ።

ሁለተኛው የዓመት ፈቃድ ሰሌዳ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ቢያንስ 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል፤ በዚህ ክፍል ግን ፈቃድ የሚታወቀው ሊወጡ ሦስት ቀን ሲቀር ነበር። ሁሉም የሚፈልገውን ሳምንት አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ሰሞን ተራ ይወጣለታል፤ ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ብር አይጠይቅም፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ውጤቱ የሚታየው በሚቀጥለው መጠይቅ አይደለም፤ ያኔም አንድ ሰው 12.5 በመቶ ነው። የሚቆጠረው መዝገቡ ነው። ደንቡ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ከ9 ሰዓት በኋላ ስንት ጊዜ ለውጥ እንደመጣ ይቆጠራል፤ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ሁለት ሳምንት ይቆጠራል። በመጀመሪያው ዙር አሥራ አራት የነበረው ወደ አራት ከወረደ ደንቡ ሠርቷል። አሥራ ሦስት ላይ ከቆመ ሽያጩ ጋር ያለው ስምምነት በወረቀት ብቻ ስለነበር ወደዚያው ይመለሱ። ቁጥሩ ወርዶ አሻጊዎቹ አሁንም ግራ ከተጋቡ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነበርና ብጣሽ ወረቀቶቹ እንደገና ይውጡ።