ግማሽ ሄክታሩ የት ገባ?

በገጠር መሬት ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የማሳው ወሰን ብዙ ጊዜ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ባሉበት ከአየር በተነሳ ፎቶ ላይ ይሰመራል። ስፋቱን የሚያሰላው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው በተርታ የገቡለትን የማዕዘን ነጥቦች ብቻ ነው።

100 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ማሳ እንውሰድ፤ 5,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ነው። የሁለት ማዕዘኖች ተራ ቢለዋወጥ ረጃጅሞቹ ጎኖች መሃል ላይ ይቋረጡና ጫፍ ለጫፍ የተነካኩ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ይፈጠራሉ። አንዱ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ፣ ሌላው በተቃራኒው ስለሚዞር፣ ሒሳቡ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። ውጤቱ ዜሮ ነው። ዜሮ መውጣቱ እንኳ ደግ ነው፤ ያስታውቃል። መቋረጡ አንድ ጥግ ላይ ሲሆን የሚጎድለው ጥቂት ሜትር ስለሆነ ማንም ሳያየው ደብተር ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ መጀመሪያ እንዲህ ያሉትን መፈለግ ነው፤ በፖስትጂአይኤስ ጥያቄው ይህ ነው፦

```sql
SELECT id, ST_IsValidReason(geom)
FROM parcels
WHERE NOT ST_IsValid(geom);
```

ቀጥሎ ብዙዎች `ST_MakeValid` ብለው ያልፋሉ። በዚህ ማሳ ላይ ትእዛዙ ሁለቱን ሦስት ማዕዘኖች ለይቶ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዳቸው 1,250፣ በድምሩ 2,500 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ፕሮግራሙ ከእንግዲህ ስህተት የለም ይላል፣ ገበሬው ግን የማሳውን ግማሽ አጥቷል። ከጥገናው በፊትና በኋላ ያለውን ስፋት አስተያይቶ፣ የተለወጠውን ሁሉ ከፎቶው ጋር እያመሳከሩ በእጅ ማረም የግድ ነው።

መደራረብና ክፍተት የሚፈጠሩት የጋራው ወሰን ለሁለቱ ማሳዎች ለየብቻ ሲሰመር ነው። 120 ሜትር በሆነ ወሰን ላይ ሁለቱ መስመሮች በግማሽ ሜትር ቢለያዩ፣ 60 ካሬ ሜትር ሁለት ጊዜ ይቆጠራል ወይም ባለቤት አልባ ይቀራል። የማሳዎቹን ድምር ከአካባቢው ጠቅላላ ስፋት ጋር ብቻ ማስተያየት አያዋጣም፤ አንድ ቦታ የተደረበው ሌላ ቦታ የጎደለውን ሊሸፍነው ይችላል። ሁለቱ ለየብቻ ይፈለጉ።

ቀጫጭኖቹን ክፍተቶች በስፋታቸው ማነስ ብቻ መለየትም ያሳስታል፤ ትንሽ የጓሮ መሬትም 60 ካሬ ሜትር ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው ቅርጻቸው ነው፤ ስፋትን በ4π አባዝቶ ለዙሪያው ካሬ ማካፈል ነው። እኩል ጎን ላለው ጓሮ 0.79 ገደማ ሲሰጥ፣ ለዚያ ስንጥቅ 0.013 ብቻ ይሰጣል። ቀጭን የሆነ ሁሉ ግን ስህተት አይደለም፤ በማሳዎች መሃል የሚያልፍ የእግር መንገድም እንዲሁ ነው የሚታየው። መስመሮቹን ለማጋጠም የሚሰጠው ርቀት ከመንገዱ ስፋት ከበለጠ መንገዱ ይዋጣል። ነጥቦች ሲንቀሳቀሱ አዲስ መቋረጥ ሊፈጠር ስለሚችልም፣ የመጀመሪያው ጥያቄ እንደገና ይሂድና ምንም ረድፍ ካልመለሰ ስፋቱ ይሰላል።