ወደ ባርናርድ ኮከብ ስንት ዓመት ይፈጃል?

የባርናርድ ኮከብ ከመሬት 6 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ብርሃን ራሱ እዚያ ለመድረስ 6 ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው። ኮከቡ በሰማይ ላይ ቦታውን እጅግ ፈጥኖ እንደሚለውጥ እ.ኤ.አ. በ1916 ያስተዋለው አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድዋርድ ባርናርድ ነበርና በእርሱ ስም ይጠራል። አንዲት መንኮራኩር የብርሃንን ፍጥነት 80 በመቶ ይዛ ወደዚህ ኮከብ ብትበር ስንት ዓመት ይፈጅባታል? መልሱ 7 ዓመት ተኩል ነው። 4 ዓመት ተኩልም ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ልዩነቱ ጊዜውን የቆጠረው ማን ነው የሚለው ላይ ነው።

ስሌቱ እንዲቀልልን መንኮራኩሯ ከመሬት ተነሥታ ቀስ በቀስ ፍጥነት ጨመረች አንበል። ሙሉ ፍጥነቷን እንደያዘች በመሬት አጠገብ ሽው ብላ አለፈች፤ በዚያች ቅጽበት የመሬቱም የመንኮራኩሯም ሰዓት ከዜሮ መቁጠር ጀመሩ እንበል።

ከመሬት ወገን ያለው ሒሳብ የአንደኛ ደረጃ ተማሪም ይሠራዋል። ርቀቱ 6፣ ፍጥነቱ 0.8 ነው፤ 6 ለ0.8 ሲካፈል 7.5 ዓመት ይሆናል። የመንኮራኩሯን ሰዓት ለማወቅ ግን አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ያቀረበው የልዩ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ያስፈልገናል። ፍጥነቱን በራሱ እናባዛለን፤ 0.64። ይህን ከ1 እንቀንሳለን፤ 0.36። የዚህ ካሬ ሥር 0.6 ነው። እንግዲህ መሬት ላይ ሆኖ ለሚለካ ሰው፣ በመሬት አንድ ዓመት ሲያልፍ በመንኮራኩሯ ውስጥ የሚያልፈው 0.6 ዓመት ብቻ ነው። 7.5 በ0.6 ሲባዛ 4.5 ይሰጣል። የሚዘገየው የግድግዳው ሰዓት ብቻ አይደለም፤ የተጓዦቹ የልብ ትርታ፣ የጢማቸው እድገት፣ የሚበሉት የስንቅ መጠን ሁሉ በ4 ዓመት ተኩል ልክ ነው።

ተጓዦቹ ግን ምንም ነገር ሲዘገይ አይሰማቸውም። ለእነርሱ መንኮራኩሯ ቆማለች፤ መሬት ወደ ኋላ ትሸሻለች፣ ኮከቡም በ0.8 የብርሃን ፍጥነት ወደ እነርሱ ይመጣል። በዚህ ፍጥነት 4.5 ዓመት የመጣ ኮከብ የተጓዘው 3.6 የብርሃን ዓመት ብቻ ነው። ታዲያ የቀረው 2.4 የት ገባ? ለተጓዦቹ ርቀቱ ራሱ አጥሯል፤ 6 በ0.6 ሲባዛ 3.6 ነው። የመሬት ሰው የሰዓት መዘግየት ብሎ የሚያስረዳውን ያንኑ ነገር ተጓዡ የርቀት ማጠር ብሎ ያስረዳዋል። ማጠሩ በጉዞው አቅጣጫ ብቻ የሚታይ ሲሆን ለሁለቱም ወገን ይሠራል፤ ተጓዦቹ 100 ሜትር ብለው የለኳት መንኮራኩር መሬት ላይ ላለ ለኪ 60 ሜትር ናት፤ ስፋቷና ከፍታዋ ግን አይነካም።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ርቀቱን ወደ 3.6 ያሳጥርና ለ0.8 አካፍሎ 4.5 ያገኛል፤ ከዚያ «ሰዓቱም ይዘገያል» ብሎ በ0.6 ደግሞ ያባዛል፤ 2.7 ይሆንበታል። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ቆጠረ ማለት ነው። መላው ይህ ነው፦ በመነሻውም በመድረሻውም ላይ በአካል የተገኘው አንድ ሰዓት የማን ነው ብሎ መጠየቅ። እዚህ የመንኮራኩሯ ነው፤ አጭሩ ጊዜ የእርሱ ይሆናል። ረጅሙ ርቀት ደግሞ መሬትና ኮከቡ ባሉበት ለሚቆሙለት ወገን ነው።

ሆኖም 2.7 ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም፤ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። ለተጓዦቹ የምትንቀሳቀሰው መሬት ናት ብለናል። እንዲያ ከሆነ የሚዘገየው የመሬት ሰዓት መሆን አለበት፤ በእነርሱ 4.5 ዓመት ውስጥ በመሬት ያለፈው 4.5 በ0.6፣ ማለትም 2.7 ዓመት ብቻ ነው። ታዲያ የመሬት ሰዎች እንዴት 7.5 ይላሉ? አንዱ ወገን ዋሽቷል?

ማንም አልዋሸም። የመሬት ሰዎች በኮከቡ አጠገብ ሌላ ሰዓት አስቀምጠዋል እንበል፤ ከመሬቱ ሰዓት ጋር እኩል እንዲነሣ ከሁለቱ መካከል፣ ልክ ከአጋማሹ፣ የብርሃን ብልጭታ ተለቀቀ። ለመሬት ሰዎች ብልጭታው ሁለቱም ጋ እኩል ይደርሳል፤ ሰዓቶቹ አብረው ይነሣሉ። ከመንኮራኩሯ ሲታይ ግን የኮከቡ ሰዓት ወደ ብልጭታው እየገሠገሠ ሲመጣ የመሬቱ ሰዓት ከብልጭታው ይሸሻል። የብርሃን ፍጥነት ለሁሉም እኩል ስለሆነ ብልጭታው የኮከቡን ሰዓት ቀድሞ ያገኘዋል፤ ያም ሰዓት ቀድሞ ይነሣል። ምን ያህል ይቀድማል? ርቀቱ 6 በፍጥነቱ 0.8 ሲባዛ 4.8 ዓመት። ስለዚህ ለተጓዦቹ መሬትን ባለፉባት ቅጽበት የኮከቡ ሰዓት 4.8 ላይ ነበር፤ በጉዟቸው ጊዜም እየዘገየ 2.7 ጨመረ። 4.8 እና 2.7 ሲደመሩ 7.5 ናቸው። መንኮራኩሯ ኮከቡ ጋ ስትደርስ የኮከቡ ሰዓት 7.5፣ የራሷ ደግሞ 4.5 እንደሚያሳይ ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ። የማይስማሙት በተራራቁ ሁለት ቦታዎች ላይ «አሁን» የትኛው ቅጽበት እንደሆነ ነው። በእኔ አመለካከት የዚህ ንድፈ ሐሳብ እውነተኛው እንግዳ ነገር ይህ ነው፤ የሰዓቱ መዘግየትና የርቀቱ ማጠር ተከታዮቹ ናቸው።

በመነጽር የሚታየው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ተጓዡ ኮከቡ ጋ ደርሶ መሬትን ቢመለከት ሰዓቷ 1.5 ላይ ሆኖ ያየዋል፤ ለዓይኑ የደረሰው ብርሃን ከመሬት የወጣው ከመድረሱ 6 ዓመት በፊት ነበርና። ስሌት የብርሃኑን የጉዞ ጊዜ ይቀንሳል፤ ዓይን አይቀንስም። መንኮራኩሯ ወዲያው ዞራ በዚያው ፍጥነት ብትመለስ በመሬት 15 ዓመት፣ በውስጧ 9 ዓመት ያልፋል። ይህ ልዩነት የማያከራክር ነው፤ አቅጣጫዋን የቀየረችው መንኮራኩሯ እንጂ መሬት አይደለችምና።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የቀረ ሒሳብ አይደለም። ሙዮን የምትባለው ቅንጣት በአማካይ በ2.2 የሴኮንድ ሚሊዮንኛ ትፈርሳለች። በጄኔቫ የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል፣ ሰርን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ይፋ ባደረገው ልኬት ለብርሃን በተቃረበ ፍጥነት በክብ ቀለበት ውስጥ የሚዞሩ ሙዮኖች በአማካይ 64.4 የሴኮንድ ሚሊዮንኛ ኖረዋል። ይህም ስሌቱ የሚጠብቀው 29 እጥፍ ገደማ ነው። በከባቢ አየር ላይ ተፈጥረው ወደ ምድር የሚወርዱትም ሙዮኖች በዚሁ ምክንያት ይደርሱናል። ዕድሜያቸው ባይለጠጥ ኖሮ አብዛኞቹ ከአንድ ኪሎ ሜትር ሳያልፉ በፈረሱ ነበር። ለሙዮኗ ግን ዕድሜዋ ያው ነው፤ ያጠረው የአየሩ ውፍረት ነው።

መንኮራኩሮቻችን ግን ገና ሩቅ ናቸው። ሰው ከሠራቸው ሁሉ ፈጣኗ ፓርከር የፀሐይ መርማሪ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 2024 በፀሐይ አጠገብ ስታልፍ በሴኮንድ 192 ኪሎ ሜትር ያህል ትበር ነበር። በዚያ ፍጥነት ሙሉ ቀን ብትቆይ ሰዓቷ በፍጥነቷ ብቻ፣ የፀሐይን ስበት ሳንቆጥር፣ የሚዘገየው ወደ 18 የሴኮንድ ሺህኛ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሰብናት መንኮራኩር ከእርሷ 1,250 ጊዜ ያህል ትፈጥናለች።